ስልካችን የማያውቀው ዘመነ ዮሐንስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከእናንተ መካከል በእጅ ስልኩ ላይ የልጁን የልደት ቀን፣ የክርስትና ስሙ የሚታሰብበትን በዓል፣ የእናቱን ወይም የአባቱን ሙት ዓመት መዝግቦ «በየዓመቱ አስታውሰኝ» ብሎ ያላዘዘ ጥቂት ነው ብዬ አስባለሁ። እንዲህ ያለውን ማስታወሻ አንድ ጊዜ ከሞላነው በኋላ ዳግመኛ አናየውም፤ ቀኑ ሲደርስ ስልኩ ይጮኻል፥ እኛም እናምነዋለን። ነገር ግን ስልኩ የሚቆጥረው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። በዓላችንና ልደታችን ግን የሚውሉት ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በምትጠቀምበት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ሁለቱ አቆጣጠሮች አብዛኛውን ጊዜ ርቀታቸውን ጠብቀው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ግን ለግማሽ ዓመት ያህል በአንድ ቀን ይለያያሉ። ዛሬ ልጽፍላችሁ የወደድኩት ስለዚያች አንዲት ቀን ነው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን የአባላትን የልደትና የክርስትና ቀን መዝገብ የምይዘው እኔ በመሆኔ፥ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ተመሳሳዩ ጥያቄ ይመጣልኛል፤ መልሱን በአንድ ቦታ ማስፈር መልካም መስሎ ታየኝ።

አስቀድመን ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። የእኛ ዓመት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወራትና ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን በማቴዎስ፣ በማርቆስና በዮሐንስ ዘመን 5 ቀን ስትሆን በሉቃስ ዘመን 6 ትሆናለች። ጎርጎርዮሳውያኑም እንዲሁ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ አንድ ቀን ይጨምራሉ፤ የእነርሱ ጭማሪ ፌብሩዋሪ 29 ነው። ስለዚህ በአራት ዓመት ውስጥ የሁለቱም የቀን ብዛት እኩል ነው። ችግሩ ጭማሪውን የሚያስገቡበት ቦታ አለመገጣጠሙ ነው። እኛ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6ን ስንጨምር እነርሱ ገና አልጨመሩም፤ የእነርሱ ተራ የሚደርሰው ከአምስት ወር ተኩል በኋላ ነው።

በሁለት መንገደኞች መስሉት። እኩል እርምጃ እየተራመዱ ጎን ለጎን ሲጓዙ አንደኛው ለአንዲት እርምጃ ያህል ቆም ይላል፤ ሁለተኛው ግን ይቀጥልና ጥቂት ከሄደ በኋላ እርሱም እንዲሁ ቆም ይላል። በሁለቱ መቆም መካከል ባለው ጊዜ አንደኛው በአንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ይጓዛል፤ ሁለተኛው ከቆመ በኋላ ግን እንደገና ይተካከላሉ። የእኛ መቆም ጳጉሜን 6 ነው፤ የእነርሱ ፌብሩዋሪ 29። በመካከሉ ያለው ጊዜ የሚያርፈው በዘመነ ዮሐንስ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ ያሉት 171 ቀናት ማለት ነው። በሌሎቹ ሦስት ዘመናት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ሴፕቴምበር 12 ላይ ይሆናል። ከዚያ የሚከተለው ቀን ሁሉ በዚያው ልክ አንድ ቀን ይገፋል። የካቲት 21 ላይ ስንደርስ እነርሱ ፌብሩዋሪ 29 ይላሉ፤ በማግሥቱ የካቲት 22 እንደ ዓመቱ ሁሉ ማርች 1 ይሆንና ልዩነቱ ይጠፋል።

ዘመነ ዮሐንስ መቼ እንደሆነ ለማወቅ መምህር መጠየቅ አያስፈልግም። ባሕረ ሐሳብ የተማራችሁ ዓመተ ዓለሙን ለአራት ማካፈል እንደሚገባ ታውቃላችሁ፤ 5500 ራሱ ለአራት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ብታካፍሉም ውጤቱ አንድ ነው። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ፣ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ ነው። 2008፣ 2012 እና 2016 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ነበሩ፤ ቀጣዩ 2020 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሚሆን ጳጉሜን 6 ይኖረዋል፥ ያም በጎርጎርዮስ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ላይ ይውላል፤ ዕንቁጣጣሽ በማግሥቱ ነው። ስልኩ ግን «ዛሬ ዘመን መለወጫ ነው» ብሎ የሚጮኸው በጳጉሜን 6 ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ቀኖቻችሁን በሁለት ክፍል ለዩአቸው። ከየካቲት 22 እስከ ጳጉሜን 5 የሚውል ልደትም ሆነ በዓል ምንም ሥራ አይፈልግም። ግንቦት ልደታ ሁልጊዜ ሜይ 9 ነው፤ ቡሄ ነሐሴ 13 ሁልጊዜ ኦገስት 19፤ የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ነሐሴ 16 ሁልጊዜ ኦገስት 22፤ የጳጉሜን 3 ቅዱስ ሩፋኤል ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 8 ነው። ልጃችሁ በእነዚህ ወራት ከተወለደ አንድ ጊዜ በትክክል ቀይራችሁ መዝግቡና ተዉት። ጥንቃቄ የሚሹት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያሉት ናቸው፤ ታላላቆቹ ንግሦች ደግሞ የተሰበሰቡት እዚህ ነው። መስቀል ሴፕቴምበር 27 ሲሆን በዘመነ ዮሐንስ 28 ይሆናል። ኅዳር ጽዮን ኖቬምበር 30 ሲሆን ዲሴምበር 1 ይሆናል። ታኅሣሥ ገብርኤል ከዲሴምበር 28 ወደ 29፣ ጥምቀት ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይሄዳሉ። በ2016 ዓ.ም. ታቦታት ከጥምቀተ ባሕር የዋሉት ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 እንደነበረ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ።

እስካሁን ያልኩት በቀላሉ የሚገባ ነው። አሳሳቹ ነገር የሚመጣው የተወለደበት ዓመት ራሱ ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን ነው። አንዲት በውጭ አገር የምትኖር እኅት፥ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በ2008 ዓ.ም. ኅዳር 12 በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ነው። በሆስፒታሉ ወረቀትም፣ በፓስፖርቱም የሰፈረው ኖቬምበር 22 ቀን 2015 ነው፤ ይህም ትክክል ነው። ያንኑ ቀን በስልኳ ላይ «በየዓመቱ» ብላ መዘገበችው። በየዓመቱም ስልኩ በጮኸ ዕለት ዳቦ ትደፋለች፥ ጎረቤት ትጠራለች። የልጁ አያት ግን አገር ቤት ሆነው ሁልጊዜ በዋዜማው እየደወሉ «እንኳን ለቅዱስ ሚካኤል አደረሳችሁ፤ ልጄን ሳሙልኝ» ይሏቸዋል። እኅታችን እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ወንድሜ፥ እናቴ በዕድሜ ምክንያት ቀኑ እየተምታታባቸው ይሆን? ወይስ እኔ ነኝ በሥላሴ ያልተወለደውን ልጅ እያከበርኩ ያለሁት?»

አብረን ቆጠርነው፤ እናንተም አብራችሁን ቁጠሩ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ነበረ። ኅዳር 12 በዓመቱ ውስጥ 72ኛው ቀን ነው፤ የመስከረም 30፣ የጥቅምት 30፣ በላዩ 12። ስለዚህ ከሴፕቴምበር 12 ተነሥተን 71 ቀን እንራመድ። እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 18 ቀን፣ ኦክቶበር 31 ቀን፣ ድምሩ 49፤ የቀረው 22 ቀን ኖቬምበር 22 ላይ ያደርሰናል። ወረቀቱ ትክክል ነው። በ2009 ግን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ዋለ። ከዚያ 71 ቀን ብንራመድ የምንደርሰው ኖቬምበር 21 ላይ ነው። በ2010ም፣ በ2011ም እንዲሁ። በእነዚያ ዓመታት ኖቬምበር 22 ኅዳር 13 ነበር። በ2012 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ተመልሶ ሲመጣ ኖቬምበር 22 እንደገና ኅዳር 12 ሆነ፤ በዚያች ዓመት አያትና እናት በአንድ ቀን ተገናኙ። የስልኩ ማስታወሻ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ልክ የሚሆነው። ኅዳር 12ን ያልሳቱት አያትየዋ ነበሩ፤ ይህን በነገርኳት ጊዜ እኅታችን መጀመሪያ ሳቀች፥ ከዚያ ግን ዝም አለች። እናቷን ለዓመታት በስልክ ስታርም መኖሯ ነው የከበዳት።

አንዳንዶች «አንድ ቀን ምን ያመጣል?» ይላሉ። ለዳቦውና ለሻማው ምንም አያመጣ ይሆናል። ነገር ግን ልጁ በክርስትና ስሙ ከመልአኩ ጋር የተሳሰረ ነው፤ በዕለቱ ከቤተ ክርስቲያን ተገኝቶ እንዲያስቀድስ፣ ስሙም በጸሎት እንዲነሣ ከፈለጋችሁ በማግሥቱ ብትሄዱ ንግሡ አልፏል። የሙት ዓመትም እንዲሁ ነው፤ ካህኑ ቀን ሲጠይቋችሁ የምትነግሯቸው ስልኩ ያለውን ሳይሆን ዕለቱን ነው።

እንግዲህ ማስታወሻውን እንዴት እናስተካክለው? ሁለት መንገድ አለ፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው፥ በሦስቱ ዘመናት የሚውልበትን የጎርጎርዮስ ቀን መዝግቦ በየዓመቱ እንዲደጋገም ማዘዝ፥ ለኅዳር 12 ኖቬምበር 21 ማለት ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ የሚውለውን አንዱን ብቻ ከፍቶ በእጅ ወደ 22 ማዛወር። ስልኩ «ይህንን ብቻ ነው ወይስ ሁሉንም?» ብሎ ሲጠይቅ «ይህንን ብቻ» ማለትን አትርሱ፤ «ሁሉንም» ካላችሁ መላው ሰልፍ አንድ ቀን ይገፋና ስሕተቱ በሦስቱ ዓመታት ላይ ይዞራል። የዚህ መንገድ ድክመቱ በየአራት ዓመቱ የሚያስታውስ ሰው መፈለጉ ነው፤ ማስታወሻ የምንይዘው ደግሞ የማናስታውስ በመሆናችን ነው።

ሁለተኛው መንገድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደክሙበት ነው። አብዛኞቹ የስልክ ቀን መቁጠሪያዎች ድግግሞሹን በራሳችሁ ልክ እንድትወስኑ ይፈቅዳሉ፤ በእንግሊዝኛው Custom የሚለውን ትነኩና ቁጥሩን 4፣ መለኪያውን ዓመት ታደርጋላችሁ። እንግዲህ ለአንድ ልደት አራት ማስታወሻ ክፈቱ፥ ለእያንዳንዱ ወንጌላዊ አንድ። ለኅዳር 12 የማርቆሱ ኖቬምበር 21 ቀን 2025 ይጀምራል፥ የሉቃሱ ኖቬምበር 21 ቀን 2026፣ የዮሐንሱ ኖቬምበር 22 ቀን 2027፣ የማቴዎሱ ኖቬምበር 21 ቀን 2028። ሁሉም በየአራት ዓመቱ ይደጋገማሉ። ርእሳቸው ላይ «ኅዳር 12፥ ዘመነ ዮሐንስ» እያላችሁ ብትጽፉ ኋላ ለሚያየው ሰው ግልጽ ይሆናል። አራት ማስታወሻ መክፈት ለበዛባችሁ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ራሱን የሚያውቁ መተግበሪያዎች አሉ፤ እነርሱን ብትጠቀሙ መልካም ነው፥ ዳሩ ግን ከማመናችሁ በፊት ከታች በምነግራችሁ ቀናት ፈትኗቸው።

ስለ ሰዓቱም አንዲት ነገር ልጨምር። ማስታወሻው በበዓሉ ዕለት ጠዋት በ3 ሰዓት ቢጮኽ ብዙውን ጊዜ ቅዳሴው አብቅቶ ሕዝቡ ጠበል ጠዲቅ እየቀመሰ ነው። በዋዜማው ምሽት እንዲጮኽ አድርጉት። የእኛ በዓል የሚጀምረው በዋዜማ መሆኑን ስልኩ አያውቅም።

ሁለት ብርቅ የልደት ቀናት አሉ፤ ባለቤቶቻቸው ጥቂት ቢሆኑም ማለፍ አልወደድኩም። አንደኛው በዘመነ ዮሐንስ የካቲት 21 የተወለደ ነው። በ2008 የተወለደ ቢሆን በወረቀቱ ላይ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2016 ይላል። ብዙ ቀን መቁጠሪያዎች ይህን ቀን «በየዓመቱ» ስትሏቸው ፌብሩዋሪ 29 የሌለበትን ዓመት ዘልለው ያልፉታል፤ ስለዚህ ልጁ ለሦስት ዓመት ያህል ልደት የሌለው ይመስላል። በእኛ አቆጣጠር ግን የካቲት 21 የማይኖርበት ዓመት የለም፤ ወር በገባ በ21 የእመቤታችን መታሰቢያ ነውና እናትየዋ ልትረሳው አትችልም። ለዚህ ልጅ በሦስቱ ዘመናት ፌብሩዋሪ 28፣ በዘመነ ዮሐንስ ፌብሩዋሪ 29 ብላችሁ መዝግቡለት። ሁለተኛው ጳጉሜን 6 የተወለደ ነው። በወረቀቱ ላይ ሴፕቴምበር 11 ይላል፤ ስልኩም በሌሎቹ ዓመታት ልደቱን ከዕንቁጣጣሽ ጋር ያደርገዋል። ጳጉሜን 6 በእውነትም በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው፤ በሌሎቹ ዓመታት ጳጉሜን 5 ላይ ያክብረው ወይስ መስከረም 1 ላይ የሚለውን ቤተሰቡ ይወስን። እኔ ብጠየቅ ወሩን ሳይለቅ ጳጉሜን 5 ቢያደርገው እወዳለሁ።

አሁን ከዚህ ሁሉ ሕግ ወደሚወጣው አንድ በዓል እንምጣ፤ እርሱም የጌታችን የመድኃኔ ዓለም ክርስቶስ ልደት ነው። እስካሁን በነገርኳችሁ ሕግ ብትሄዱ ታኅሣሥ 29 በሦስቱ ዘመናት ጃንዋሪ 7፣ በዘመነ ዮሐንስ ጃንዋሪ 8 መሆን ነበረበት። ቀንን በቁጥር ብቻ የሚቀይሩ መተግበሪያዎችም ይህንኑ ይሏችኋል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን በዘመነ ዮሐንስ ልደትን የምታከብረው ታኅሣሥ 28 ቀን ነው፤ ያም ጃንዋሪ 7 ነው። ምክንያቱ ከሒሳብ የመነጨ ቢሆንም ፍጹም ቤተ ክርስቲያናዊ ነው። ጌታ በእመቤታችን ማኅፀን የቆየበት ጊዜ ከመጋቢት 29፣ ከብሥራት ዕለት ጀምሮ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ተብሎ ይቆጠራል፤ ዘጠኙ ወር እያንዳንዱ 30 ቀን ሲሆን 270፣ ጳጉሜን 5 ሲጨመርበት 275 ቀን ይሆናል። በዘመነ ሉቃስ ግን በመካከሉ ጳጉሜን 6 ትገባለች። እስከ ታኅሣሥ 29 ብንቆጥር 276 ይሆንብናል፤ ስለዚህ በዓሉ 275ኛው ቀን ላይ፥ ታኅሣሥ 28 ላይ ይውላል። እንግዲህ ከመስከረም እስከ የካቲት 21 ካሉት በዓላት መካከል «በየዓመቱ ጃንዋሪ 7» ብላችሁ ያለ ሥጋት ልትመዘግቡት የምትችሉት ይህ አንዱ ነው። ታኅሣሥ 29 የተወለደ ልጅ ካላችሁ ግን ይህን ለልጁ አታድርጉት፤ የእርሱ ልደት በዘመነ ዮሐንስ ጃንዋሪ 8 ነው፥ በዓሉም በዋዜማው አልፏል።

ከቀኑ ሌላ በወሩ አጻጻፍ ላይ የሚደርስ ስሕተት በመዝገባችን ላይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በክርስትና ምስክር ወረቀት ላይ 12/3/2008 ተብሎ የተጻፈ ቀን ኅዳር 12 ቀን 2008 ነው፤ ኅዳር ሦስተኛው ወር ነውና። ያንን ቁጥር እንዳለ በስልኩ ላይ የጻፈ ሰው ማርች 12 ወይም ዲሴምበር 3 ቀን 2008 እንዲያስታውሰው አዝዟል ማለት ነው። ስልኩ «ተሳስተሃል» አይልም፤ ቁጥሩ በእርሱም ዘንድ ያለ ቀን ነውና። ምልክቱ የዓመቱ ቁጥር ነው፤ ልጁ በስልኩ ላይ ከእውነተኛ ዕድሜው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በልጦ ከታየ የተመዘገበው ሳይቀየር ነው። ዓመቱን ስትቀይሩም ከዕንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ ሰባት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ጨምሩ። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስም መጻፍ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ስለ ትንሣኤና ከእርሱ ጋር ስለሚንቀሳቀሱት አጽዋማትና በዓላት ግን «በየዓመቱ» የሚለውን ቃል ጨርሶ አትንኩት። በ2019 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ይውላል፤ ሜይ 2 ቀን 2027 ማለት ነው። ይህንን በየዓመቱ እንዲደገም ብታደርጉት በ2020 ሜይ 2 ላይ ይጮኻል፤ ትንሣኤው ግን ሚያዝያ 8፣ ኤፕሪል 16 ቀን 2028 ላይ ነበርና በዓሉ ካለፈ ከ16 ቀን በኋላ ነው የሚያስታውሳችሁ። እዚህ ላይ የሚያግዘን ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ሙሉውን ሒሳብ ባታውቁት እንኳ የጾመ ነነዌን መግቢያ ከዓመቱ አዋጅ ካገኛችሁ የቀረውን በቀን ቆጠራ ታገኙታላችሁ። ቀን መቁጠር ደግሞ በየትኛውም አቆጣጠር አንድ ነው። በ2019 ነነዌ የካቲት 15 ሰኞ ይገባል፤ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2027። ከዚያ 14 ቀን ብትራመዱ ዐቢይ ጾም መግቢያ ማርች 8 ላይ፣ 62 ቀን ብትራመዱ ሆሣዕና ኤፕሪል 25 ላይ፣ 69 ቀን ብትራመዱ ትንሣኤ ሜይ 2 ላይ ትደርሳላችሁ። ዕርገት በ108፣ ጰራቅሊጦስ በ118 ነው። እኔ በየዓመቱ በመስከረም፥ አጽዋማትና በዓላት ከታወጁ በኋላ፥ እነዚህን አንድ በአንድ ያለ ድግግሞሽ እመዘግባቸዋለሁ፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፦ ነነዌና ዐቢይ ጾም ሰኞ፣ ሆሣዕና፣ ትንሣኤና ጰራቅሊጦስ እሑድ፣ ዕርገት ሐሙስ ላይ ካልዋሉ ቆጠራችሁ ተፋልሷል።

በትንሣኤ ዕለት የተወለደች ልጅ ብትኖራችሁ ደግሞ ልደቷ የሚቆጠረው በወሩ ቀን እንጂ በበዓሉ አይደለም። በ2016 ትንሣኤ የተወለደች ልደቷ ሚያዝያ 27 ነው፥ ሁልጊዜም ሜይ 5።

በመጨረሻ የቀን መቀየሪያ መተግበሪያዎችን የምትፈትኑባቸውን ቀናት ልስጣችሁ። መስከረም 1 ቀን 2016ን አስገቡለት፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ካላለ ዘመነ ዮሐንስን አያውቅም። የካቲት 22 ቀን 2016ን አስገቡ፤ ማርች 1 ቀን 2024 ካላለ ወደ ቦታው መመለሱን አያውቅም። ሦስተኛው ፈተና የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፥ የዓድዋ ድል ዕለት። ዛሬ የካቲት 23 በየዓመቱ ማርች 2 ላይ ይውላል፤ ድሉ የተገኘው ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ይህ የታሪክ ጸሐፊዎች ስሕተት አይደለም። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መቶኛ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ በቀር ጭማሪ ቀን አይኖረውም፤ ስለዚህ በ1900 ፌብሩዋሪ 29 አልነበረም። የእኛ ጳጉሜን 6 ግን እንደ ልማዷ ገብታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። መተግበሪያው ለዓድዋ ማርች 2 ካላችሁ ከ1900 በፊት ያለውን ቀን በትክክል አይቆጥርም፤ የጥንት አባቶችን ዕረፍት ወይም የቆየ የደብር ምሥረታን በእርሱ አትቀይሩ።

ያው ነገር በ2100 እንደገና ይመጣል። ያኔም ፌብሩዋሪ 29 አይኖርም፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ልደት፥ ታኅሣሥ 29 ቀን 2093 ዓ.ም.፥ የሚውለው ጃንዋሪ 8 ቀን 2101 ላይ ይሆናል። ከላይ «ሁልጊዜ» እያልኩ የጻፍኳቸው የጎርጎርዮስ ቀናት ሁሉ እስከዚያ ድረስ ብቻ የሚሠሩ ናቸው፤ ዛሬ በሕፃናት ክፍል ከምናስተምራቸው መካከል ያንን ቀን የሚያዩ ይኖራሉና ማስታወሻውን ያኔ እነርሱ ያርሙታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።